ከኢትዮጵያ ተምሮ በቨርጂኒያ ነርስ መሆን፦ ስለ ላይሰንስ፣ ስለ እድሳትና ስለ ሲኢ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ቨርጂኒያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ቅዳሜ ማታ ስልኬ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የማላውቀው ቁጥር ነው። «እከሊት ናት ቁጥርሽን የሰጠችኝ፤ ስለ ላይሰንስ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» ይላል የደወለው ሰው። አንዱ ነገር አስር ይሆናል፤ አስሩ ግን ሁሌም ያው አስር ነው። ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኳቸው። የማወራው ስለ አርኤን ላይሰንስ ነው፤ እሱም በቨርጂኒያ። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የነርሲንግ ቦርድና የራሱ ደንብ አለው። የቴክሳስና የሚኒሶታ ሰዎች ከራሳችሁ ቦርድ ጋር አመሳክሩ።

የነርሲንግ ዲግሪዬን ይዤ ከመጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው። ከየት ልጀምር?

ከትምህርት ማስረጃ ግምገማው ጀምሩ። ከፈተናው አይደለም።

ይህን አስረግጬ የምለው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። እንደመጣ ለኤንክሌክስ ፈተና ማጥኛ ከፍሎ ይመዘገባል። ስድስት ወር ያጠናል። ከዚያ ለመፈተን ሲሞክር ቦርዱ ገና ማንነቱን አያውቅም። ቦርዱ የፈተና ፈቃድ የሚሰጠው ትምህርታችሁ ከአሜሪካ ነርስ ትምህርት ጋር ተነጻጽሮ ውጤቱ ሲደርሰው ነው። ያ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ሐዋሳ ካለ ሬጅስትራር ወረቀት መምጣት አለበት። ወራት የሚበላው ይሄኛው ነው። ወረቀቱ መንገድ ላይ ሳለ ብታጠኑ ጊዜያችሁ አይባክንም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የማስረጃ ግምገማ። ቀጥሎ ለቦርዱ ማመልከቻና የጣት አሻራ። ከዚያ ፈተና።

ግምገማውን ከሚሠሩት ድርጅቶች ዋናው ሁላችንም ሲጂኤፍኤንኤስ ብለን የምናውቀው ነው። አሁን ስሙን ትሩሜሪት ብሎታል። በአሮጌው ስም የተጻፈ መመሪያ ወይም ቪዲዮ ካያችሁ ሌላ ድርጅት ነው ብላችሁ አትደናገሩ።

ትራንስክሪፕቴ ኦሪጅናሉ በእጄ ነው። ለምን ራሴ አልክም?

አይቀበሉትም። በእናንተ እጅ ያለፈ ወረቀት ለእነሱ ማስረጃ አይደለም። ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ኤንቨሎፕ ወይም እነሱ በሚቀበሉት ሌላ መንገድ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ መሄድ አለበት።

ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል፤ «ሌባ መሰልኳቸው እንዴ?» ይላል። ነገሩ እኛን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በጥር 2023 እዚሁ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርስ ዲፕሎማ መሸጡ ይፋ ሆኖ ነበር። ከገዙት ሲሶ ያህሉ በዚያ ወረቀት ፈተና ተቀምጠው አልፈዋል። ወረቀቱን ከምንጩ ማምጣት ለምን ግድ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው። አገር ቤት የምታምኑት ሰው ያስፈልጋችኋል። እህት፣ ወንድም ወይም የክፍል ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ሬጅስትራር ያለ ውክልና ስለማያስተናግድ ውክልናውን አስቀድማችሁ ላኩ። የገምጋሚውን ቅጽም አትማችሁ ስጡት። ከዚያ ይህን አስጠንቅቁት፦ የእኛ ትራንስክሪፕት ብዙውን ጊዜ ክሬዲት አወርና ውጤት ብቻ ነው የሚያሳየው። እነሱ ግን ለእያንዳንዱ ትምህርት በክፍል ስንት ሰዓት፣ በሆስፒታል ልምምድ ስንት ሰዓት እንደተማራችሁ ማየት ይፈልጋሉ። በተለይ በአዋቂዎች ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ጤና ነርሲንግ። ሬጅስትራሩ ይህን ሰዓት አያውቀው ይሆናል። የሚያውቀው የነርሲንግ ዲፓርትመንቱ ነው። ስለዚህ የላካችሁት ሰው ሁለት ቢሮ ነው የሚሄደው። ሰዓቱ ሳይሞላ የተላከ ወረቀት ከወራት በኋላ «ያልተሟላ» ተብሎ ይመለሳል፤ ነገሩ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

የኢትዮጵያ ፈቃዴስ? አርጅቷል፤ ያውም የሰጠኝ መሥሪያ ቤት አሁን ሥራው ሌላ ነው።

የፈቃዱም ማረጋገጫ እንደ ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከሰጪው ነው የሚላከው። ፈቃዳችሁን የሰጣችሁ የክልል ጤና ቢሮ ከሆነ መጀመሪያ እዚያው ጠይቁ። ከቀድሞው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥር ባለሥልጣን ያወጣችሁ ከሆናችሁ ደግሞ የባለሙያ ምዝገባ ሥራው ወደ ጤና ሚኒስቴር ስለዞረ የምትጠይቁት እዚያ ነው።

ገና አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ከመውጣታችሁ በፊት ፈቃዳችሁን አሳድሱ። የመዝገብ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ያዙ፤ የፈቃዱን ፎቶም አንሱ። አውሮፕላን ከተሳፈራችሁ በኋላ ይህን በሰው እጅ ማስፈጸም ከባድ ነው።

ስሜ በዲፕሎማዬ ላይ አንድ ዓይነት፣ በግሪን ካርዴ ላይ ሌላ ዓይነት ነው። ችግር አለው?

አለው። ከገንዘብም ከእንግሊዝኛም በላይ የእኛን ሰው የሚያንገላታው ስም ነው።

ሁለት ችግር አለ። አንዱ አጻጻፉ ነው። ፀሐይ ትምህርት ቤት Tsehay ትባላለች፣ ፓስፖርት ላይ Tsehai፣ ፈቃዷ ላይ Tsehaye። ለእኛ አንዲት ሴት ናት። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሴቶች ናቸው። ሁለተኛው የአባትና የአያት ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፓስፖርታችን ላይ ግን ብዙ ጊዜ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል፤ አሜሪካ ስንገባም እሱ «ላስት ኔም» ሆኖ ይቀራል። ዲፕሎማው ላይ ደግሞ የራስና የአባት ስም ብቻ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዲፕሎማው «ላስት ኔሟ» አበበ ነው ይላል፣ ግሪን ካርዱ ወልዴ ነው ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን በጊዜው መደረግ አለበት። አሁን የምትጠቀሙበትን መታወቂያ መሠረት አድርጉ። ከዛሬ ጀምሮ የምትሞሉት ቅጽ ሁሉ በፊደል ልክ እሱን ይምሰል። ማመልከቻው የቀድሞ ስም ወይም ሌላ ስም የሚል ቦታ ስላለው ሌላውን አጻጻፍ ሁሉ እዚያ አስገቡ። ከዚያም ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ቃለ መሐላ በኖተሪ ፊት ፈርማችሁ ከማመልከቻው ጋር ላኩ።

የፈተናው ቀን ደግሞ ጨርሶ ቀልድ የለም። የፈተና ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና በእጃችሁ የያዛችሁት መታወቂያ ካልገጠሙ ከበር ይመልሷችኋል። ክፍያውም አይመለስም። የፈተና ፈቃዱ ኢሜይል በደረሰ ቀን መንጃ ፈቃዳችሁን አጠገቡ አስቀምጡና ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

የምረቃ ዘመኔ በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። እንዴት ልሙላው?

ዲፕሎማችሁ በእንግሊዝኛ «July 2007» ብሎ «E.C.» የምትለዋን ካላስቀመጠ ገምጋሚው 2007 ብሎ ያነባል። እናንተ ግን ሐምሌ 2007 ማለታችሁ ነው፤ በእነሱ ጁላይ 2015። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሳችሁበት ሰነድ በእነሱ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ኮሌጅ ጨርሳችሁ ከዚያ በኋላ ሃይስኩል የገባችሁ ትመስላላችሁ። ሬጅስትራሩ ሁለቱንም ዘመን ጎን ለጎን እንዲጽፍ አስደርጉ።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ዓመት ስንቀይር ሁሌ 8 የምንደምር ብዙ ነን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሚደመረው ግን 7 ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1980 የተወለደች ሴት በፈረንጆቹ ዲሴምበር 20, 1987 ነው የተወለደችው፤ 1988 አይደለም። ፓስፖርቱ ላይ የተሳሳተው ከገባ ደግሞ ለሁሉም ቅጽ የፓስፖርቱን ተጠቀሙ። እዚህ የሚፈለገው አንድ ወጥ መሆኑ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ዓመት ሌላም ሥራ አለው፤ እድሳቱ ላይ እመለስበታለሁ።

የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተና ይቀርልኛል?

«በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት» ማለታችሁ ብቻውን ይበቃል ብላችሁ አታስቡ። ካመለከታችሁ በኋላ ቦርዱ የሚጠይቀውን ማስረጃ በጽሑፍ እስኪነግራችሁ ጠብቁና በእሱ ሂዱ። ጓደኛ ያለፈበት መንገድ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። እሷ በሌላ ዓመት፣ ምናልባትም በሌላ ስቴት ነው ያመለከተችው።

ፈተናውስ?

ፈተናውን ለሚሰጠው ድርጅት፣ ለፒርሰን ቪው፣ 200 ዶላር ትከፍላላችሁ። የፈተና ፈቃዱ ማብቂያ ቀን አለው፤ ካለፈ አይራዘምም፣ እንደገና መክፈል ነው። ጥያቄው ከ85 እስከ 150 ይደርሳል፣ ጊዜው 5 ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ በመልሳችሁ እየተመራ ስለሚሄድ 85 ላይ ቢዘጋ ማለፍም መውደቅም ሊሆን ይችላል። በመዘጋቱ ምክንያት መኪና ውስጥ አታልቅሱ። ከወደቃችሁ እንደገና ለመፈተን ቢያንስ 45 ቀን ትጠብቃላችሁ።

ላይሰንሴን አግኝቻለሁ! መቼ ነው የማሳድሰው?

ቨርጂኒያ ውስጥ በየ2 ዓመቱ ነው። ቀኑ የሚወሰነው በልደታችሁ ነው። በተወለዳችሁበት ወር የመጨረሻ ቀን ያበቃል። የልደት ዓመታችሁ ሙሉ ቁጥር ከሆነ በሙሉ ዓመት፣ ጎዶሎ ከሆነ በጎዶሎ ዓመት ታሳድሳላችሁ። ያቺ ታኅሣሥ 10 የተወለደችው እህት ልደቷ 1987 ስለሆነ የምታሳድሰው በጎዶሎ ዓመት፣ እስከ ዲሴምበር 31 ነው። በስህተት 1988 ብላ በቃሏ የያዘች ከሆነ ግን «የእኔ የሚቀጥለው ዓመት ነው» ብላ ተዝናንታ ትቀመጣለች።

ቦርዱ ማስታወሻ ይልካል። እንዳይደርሳችሁ የሚያደርገው አድራሻችሁ ነው። አፓርትመንት ስትቀይሩ በ30 ቀን ውስጥ ለቦርዱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ከዚህ ሌላ nursys.com ላይ ገብታችሁ e-Notify የሚለው ውስጥ ተመዝገቡ። ነጻ ነው። ላይሰንሳችሁ ሊያበቃ ሲል ኢሜይል ይልክላችኋል።

ለእድሳት ስንት ሲኢ ነው የሚያስፈልገኝ? አንዱ 15 ይለኛል፣ አንዱ 30።

ሁለቱም ልክ ናቸው። በአፋችን ሲኢ የምንለው ተከታታይ ትምህርት በቨርጂኒያ ከብዙ አማራጭ አንዱን መርጣችሁ የምታሟሉት ነው። በልዩ ዘርፍ የሙያ ሰርተፊኬት ያላት ወይም ለቢኤስኤን ኮሌጅ የገባች ነርስ በዚያ ልትሄድ ትችላለች። አብዛኞቻችን ግን ከሁለቱ በአንዱ ነው የምንሄደው። ወይ 15 የትምህርት ሰዓት ከ640 የሥራ ሰዓት ጋር። ወይ ደግሞ የሥራ ሰዓት ሳይጠየቅ 30 የትምህርት ሰዓት። አንድ የትምህርት ሰዓት 50 ደቂቃ ነው።

ላይሰንስ ካገኛችሁ በኋላ የመጀመሪያው እድሳት ላይ ይህ አይጠየቅም። ነገር ግን ብዙ ሰው በዚህ ይዘናጋና ለሁለተኛው እድሳት ባዶ እጁን ይደርሳል።

ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ባለፈው ጊዜ ያደረግነውን ላሳያችሁ። ዘመኗ ከጃንዋሪ 2024 እስከ ዲሴምበር 2025 ነበር። በኖቬምበር መጨረሻ አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ቡና አፈላሁና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው። የሥራ ሰዓቷ አላስጨነቀንም። ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሳምንት ሦስት የ12 ሰዓት ሺፍት ትሠራለች። 640 ሰዓት 54 ሺፍት መሆኑ ነው፤ በ18 ሳምንት ሞልቶ አልፏል።

ሰርተፊኬቶቹን ግን አንድ በአንድ ያዝናቸው። የቁስል እንክብካቤ 5 ሰዓት፤ ሰጪው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ አለ፤ ገባ። የመድኃኒት ደኅንነት 4 ሰዓት፤ ገባ። ሴፕሲስ 3 ሰዓት፤ ገባ። ድምሩ 12 ሆነ። ቀጥሎ ከሥራ ቦታዋ ሁለት ወረቀት አወጣች፤ «ስልጠናውን ተካፍላለች» ይላሉ እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ የለባቸውም። ሰዓት የሌለበት ወረቀት አይቆጠርም፤ ወደ ጎን አስቀመጥናቸው። ቢኤልኤስ ካርዷን አወጣች፤ እሱንም አልቆጠርነውም። በደንቡ ዝርዝር ውስጥ የተጠቀሰው ከፍ ያለው የሕይወት ማዳን ኮርስ ነው፤ ኤሲኤልኤስ የምንለው። በመጨረሻ በጣም የተማመነችበት የ6 ሰዓት የስኳር በሽታ ኮርስ ወጣ። ቀኑን ሳየው ዲሴምበር 2023 ነው። ያለፈው ዘመን ነው፤ አይገባም።

በአፏ ከ20 በላይ ነበራት። በወረቀት 12። ሦስት ሰዓት ጎደላት። አንድ ወር ስለነበራት ያንኑ ሳምንት እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ላፕቶፕ ከፍታ የሦስት ሰዓት ኮርስ ወሰደች፤ ሰርተፊኬቱንም እዚያው አስቀመጠች። በዲሴምበር 30 ብትመጣ ኖሮ ግን ሌላ ታሪክ እጽፍ ነበር።

ስሞላ «አሟልቻለሁ» የሚለውን ብቻ ነው የነካሁት፤ ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም። ታዲያ ለምን እለፋለሁ?

ቦርዱ በእድሳቱ ቀን ወረቀት አይሰበስብም። ቃላችሁን ነው የሚቀበለው። ከዚያ በኋላ በዕጣ ሰው መርጦ «አሳዩኝ» ይላል። ኦዲት የሚሉት ይሄንን ነው። ለዚህ ነው ማስረጃውን ካደሳችሁ በኋላ ለ2 ዓመት ማቆየት ግዴታ የሆነው።

ሰዓት ጎድሎባችሁ «አሟልቻለሁ» ካላችሁ ጉዳዩ የሲኢ እጥረት መሆኑ ይቀርና ለቦርዱ ሐሰት መናገር ይሆናል። ያ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው፤ መዝገባችሁ ላይም ይገባል። የጎደለባችሁ በእውነተኛ ምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ ታማችሁ ወይም ቤተሰብ ታሞባችሁ ከሆነ፣ ላይሰንሱ ከማብቃቱ በፊት በጽሑፍ ማራዘሚያ ጠይቁ። እስከ አንድ ዓመት ሊሰጡ ይችላሉ። ካለፈ በኋላ ግን እንደዚያ አይሆንም።

ምን ምን ወረቀት ላስቀምጥ?

ሰርተፊኬት ማስረጃ የሚሆነው አራት ነገር ሲኖረው ነው፦ ስማችሁ፣ የሰጪው ስም፣ የጨረሳችሁበት ቀንና የሰዓቱ ብዛት። በላይሰንሳችሁ ላይ ባለው ስም መሆኑን እዩ። የኦንላይን ኮርስ ላይ «ቲጂ» በሚል ቅጽል ስም ተመዝግባ ሰርተፊኬቱም በዚያው የወጣላት ልጅ አውቃለሁ።

የሥራ ሰዓቱን የሚያረጋግጠው የአሠሪያችሁ ደብዳቤ ነው። ሥራ ስትለቁ ያኔውኑ ውሰዱት። ይህን የምለው ከራሴ ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ የነበረው ቦታ ከለቀቅኩ በኋላ ባለቤቱ ተቀየረ። ደብዳቤ ስጠይቅ «የድሮ ሠራተኛ መዝገብ እኛ ጋ የለም» አሉኝ። ከሁለት ወር ልመና በኋላ ነው የተገኘው። አሁን ሥራ ስለቅ የመጨረሻዋን ቼክ ከመቀበሌ በፊት ደብዳቤዬን እይዛለሁ።

አቀማመጡ ላይ ብዙ አትፈላሰፉ። ስልካችሁ ላይ ለእያንዳንዱ የሁለት ዓመት ዘመን አንድ ፎልደር ክፈቱ። ኮርስ በጨረሳችሁ ደቂቃ ፒዲኤፉን እዚያ ውስጥ ጣሉት። ነገ አወርደዋለሁ ያላችሁት ኮርስ ከዓመት በኋላ ድረ ገጹ ተዘግቶ ወይም የይለፍ ቃሉ ጠፍቶ ነው የምታገኙት።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ዲሲ ሆስፒታል ሥራ አገኘሁ። የቨርጂኒያው ይበቃኛል?

አይበቃም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ነርሶች በአንድ ላይሰንስ በብዙ ስቴት እንዲሠሩ በሚፈቅደው ስምምነት ውስጥ ናቸው፤ ኮምፓክት የሚባለው። ዲሲ ውስጡ የለም። ድልድዩን ተሻግራችሁ ዲሲ ላይ ታካሚ ከመንካታችሁ በፊት የዲሲ ላይሰንስ ያስፈልጋችኋል። ፈተናው አይደገምም፤ ባላችሁ ላይሰንስ ላይ ተመሥርተው ነው የሚሰጡት።

የዲሲ እድሳት የራሱ ቀን አለው። የአርኤን ላይሰንስ በሙሉ ዓመት ጁን 30 ላይ ያበቃል። 24 የትምህርት ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ 2 ሰዓቱ ስለ ኤልጂቢቲኪው ታካሚዎች እንክብካቤ መሆን አለበት። ሁለቱንም ላይሰንስ የያዛችሁ አንዱን ሰርተፊኬት ለሁለቱም ልታውሉት ትችላላችሁ፤ ቀኑ በሁለቱም ዘመን ውስጥ እስከወደቀ ድረስ። በልደት ወራችሁ ሳይሆን በጁን መሆኑን ግን አትርሱ። በዚህ የሚሳሳት ብዙ ነው።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ልዛወር ነው።

ከኮምፓክት ስቴት ወደ ኮምፓክት ስቴት ስትዛወሩ በአዲሱ ስቴት በ60 ቀን ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። ላይሰንሱ የሚከተለው መኖሪያችሁን እንጂ የሥራ ቦታችሁን አይደለም። መንጃ ፈቃዳችሁንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ነዋሪነታችሁን የሚያሳየው እሱ ነው። ሜሪላንድ ለአርኤን እንደ ቨርጂኒያ የሲኢ ሰዓት አትቆጥርም፤ ባለፉት 5 ዓመታት 1,000 የሥራ ሰዓት ነው የምትጠይቀው።

እናቴን ላስታምም አገር ቤት አንድ ዓመት ተኩል ቆየሁ። 640 ሰዓት የለኝም።

የ30 ሰዓቱ መንገድ የተሠራው ለእንደናንተ ነው። ሰዓቱን እዚያው ሆናችሁ በኦንላይን ማሟላት ትችላላችሁ። ለረዥም ጊዜ የማትሠሩ ከሆነ ደግሞ ላይሰንሱን በኢንአክቲቭ ማቆየት ይቻላል፤ ያኔ እየታደሰ ይቆያል፣ ግን በእሱ መሥራት አትችሉም። ዝም ብሎ እንዲያልፍ ከመተው ይሻላል።

ላይሰንሴ ትናንት አልፎበታል። ዛሬ ማታ ሺፍት አለኝ።

አትግቡ። ለኃላፊያችሁ ደውላችሁ እውነቱን ተናገሩ። ጊዜው ባለፈ ላይሰንስ አንድ ሺፍትም ቢሆን መሥራት ሕገወጥ ነው፤ አሠሪውም አብሮ ይጠየቃል። ቀኑ ገና ትናንት ከሆነ ያለፈው፣ የመዘግየት ክፍያ ጨምራችሁ በኦንላይን ታድሳላችሁ። ክፍያ መፈጸማችሁን ብቻ ይዛችሁ ግን አትሂዱ። Nursys ላይ ስማችሁን ፈልጉና ላይሰንሱ በእርግጥ መታደሱን በዓይናችሁ እዩ። አንድ የእድሳት ዘመን ሙሉ ካለፈበት ማደስ መሆኑ ይቀራል፤ ማስመለስ ነው የሚባለው፣ ማመልከቻውም ሌላ ነው።

«ከቦርዱ ነው፤ ላይሰንስሽ ሊታገድ ነው፤ አሁኑኑ ክፈይ» ብሎ ሰው ደወለልኝ። ስሜንም የላይሰንስ ቁጥሬንም ያውቃል።

ዝጉት። ስማችሁና የላይሰንስ ቁጥራችሁ ማንም ሰው በኢንተርኔት የሚያየው መረጃ ስለሆነ ማወቁ ምንም አያረጋግጥም። ቦርድ በስልክ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ላይሰንስም በስልክ አያግድም። ከዚያ የቦርዱን ቁጥር ከራሱ ድረ ገጽ አውጥታችሁ እናንተ ደውሉ። ሰውዬው የሰጣችሁ ቁጥር ላይ አትደውሉ፤ የሚያነሳው ያው እሱ ነው።